«በአንድ ጊዜ» ወይስ «በመቶ ግራም»? የምግብ ይዘት ሰንጠረዥን ከፎቶ አንብቦ መምረጥ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጅማ መንቲና የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ሁለት ፎቶዎች ላከችልኝ። ሁለቱም የኮርንፍሌክስ ካርቶን ጀርባ ናቸው። አንዱን አሜሪካ ያለው ወንድሟ በሰው እጅ የላከላት ነው፤ ሌላውን በዱባይ በኩል የሚገባ ዕቃ ከሚሸጥ የመርካቶ ሱቅ ገዝታዋለች። የስድስት ዓመት ልጇ ጠዋት ጠዋት ከወተት ጋር የሚበላው ይህንኑ ነው። ከፎቶዎቹ ሥር «የአሜሪካው ስኳር 7 ግራም ይላል፤ የዱባዩ 21። ሦስት እጥፍ ማለት አይደል? የዱባዩን ልተወው?» ብላ ጽፋለች።

ቁጥሮቹን አልተሳሳተችም፤ በካርቶኖቹ ላይ የተጻፉት እነዚሁ ናቸው። መልሱ ግን የጠበቀችው አይደለም። ስኳር የሚበዛበት የአሜሪካው ነው።

ነገሩን ለማስረዳት የወሰድኳት ወደ ቡና ገበያ ነው። ሐሙስ ገበያ ወጥታ አንዷ ሻጭ ቡናዋን በትንሽ ጣሳ፣ ሌላዋ ደግሞ በኪሎ ብትሸጥላት የጣሳውን ዋጋ ከኪሎው ዋጋ ጋር አስተያይታ «ይህ ርካሽ ነው» አትልም። መጀመሪያ ጣሳው ስንት ግራም እንደሚይዝ ትጠይቃለች። በካርቶኑ ጀርባ ያሉት ሁለት ዓይነት ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው። «በአንድ ጊዜ» የሚለው ቁጥር ጣሳ ነው፤ መጠኑ ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። «በ100 ግራም» የሚለው ደግሞ ኪሎ ነው፤ የትም ቢሄዱ አይለወጥም። እሷ ያስተያየችው የአንዱን ጣሳ ከሌላው ኪሎ ጋር ነበር።

ሁለቱ አጻጻፎች የመጡት ከተለያየ ሕግ ነው። የአሜሪካ ሰንጠረዥ ቁጥሮቹን የሚሰጠው በአንድ ጊዜ በሚበላ መጠን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው ደንብ መሠረት ግን በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር መጻፍ ግዴታ ነው፤ የአንድ ጊዜ መጠን በተጨማሪነት ሊገባ ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል ወደ እኛ በሚመጡ ዕቃዎች ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ፦ የአሜሪካው «የአንድ ጊዜ መጠን» የሐኪም ምክር አይደለም። ሰዎች በተለምዶ በአንድ ጊዜ ይበሉታል ተብሎ የተወሰደ መጠን ነው። ስለዚህ «ለልጄ የሚበቃው ይህ ነው» ብሎ የሚይዘው ሰው ካርቶኑ ያላለውን አንብቧል።

አሁን ወደ ሁለቱ ፎቶዎች እንመለስ። በአሜሪካው ሰንጠረዥ ላይ፣ ከሁሉም ቁጥሮች በላይ፣ የአንድ ጊዜ መጠን 28 ግራም እንደሆነ ተጽፏል። ከዚያ በታች 110 ካሎሪ፣ 24 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 7 ግራም ጠቅላላ ስኳር፣ 150 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይላል። የዱባዩ ደግሞ ሁለት ዓምድ አለው፤ የመጀመሪያው በ100 ግራም፣ ሁለተኛው በ30 ግራም ነው። ስኳሩ በመጀመሪያው ዓምድ 21፣ በሁለተኛው 6.3 ነው።

የአሜሪካውን ወደ መቶ ለመቀየር 7ን ለ28 አካፍሎ በ100 ማባዛት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ውጤቱ 25 ነው። በአማርኛ ከዚህ የቀለለ አነጋገር አለን፦ የአሜሪካው ኮርንፍሌክስ ከመቶው እጅ 25 እጁ ስኳር ነው፤ የዱባዩ 21 እጁ። ለአክስቴ ልጅ በዚህ መልክ ስነግራት ወዲያው ገባት። «በ100 ግራም» ብሎ ግራም በግራም ከማስረዳት «ከመቶ ይህን ያህል እጅ» ማለት ይሻላል፤ አራጣውንም ምርቱንም በመቶ እጅ ስንቆጥር የኖርን ሰዎች ነን።

ሶዲየሙም በዚሁ መንገድ ይቀየራል፤ አንድ እርምጃ ብቻ ይጨመርበታል። አሜሪካኖቹ ሶዲየም ሲጽፉ የዱባዩ ካርቶን የጻፈው ጨው ብሎ ነው። ሶዲየምን በ2.5 ብናባዛው ጨው ይሆናል። 150 ሚሊ ግራም በ28 ግራም ማለት በመቶ ግራም 536 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ነው፤ በ2.5 ሲባዛ 1.3 ግራም ገደማ ጨው ይሆናል። የዱባዩ 1.1 ግራም ይላል። በጨውም የአሜሪካው በጥቂቱ ይበልጣል ማለት ነው። የካርቦሃይድሬቱን ረድፍ ግን በቀጥታ አታስተያዩት፤ በአሜሪካ አቆጣጠር አሰሩ ከካርቦሃይድሬቱ ጋር ተደምሮ ሲቆጠር፣ በአውሮፓው ለብቻው ይቀመጣል።

ይህ ስሌት ምን ያህል እንደሚታመን ማወቅም ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ ስኳር የሚጻፈው ወደ ቅርቡ ሙሉ ግራም ተጠጋግቶ ነው። 7 የተባለው በእርግጥ 6.5 ሊሆን ይችላል፤ 7.4ም ሊሆን ይችላል። ወደ መቶ ሲቀየር ከ23 እስከ 27 ባለው መካከል ይወድቃል። የዱባዩ 21 ከዚህ በታች ስለሆነ ፍርዳችን አይናወጥም። የዱባዩ 24 ቢሆን ኖሮ ግን «ይህ ይበልጣል» ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም ነበር፤ ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ ማለፍ ነው የሚሻለው።

የማጠጋጋቱ ነገር የሚከፋው ዜሮ ላይ ነው። በአሜሪካ ደንብ በአንድ ጊዜ መጠን ውስጥ ከግማሽ ግራም ያነሰ ስኳር ወይም ስብ ካለ ዜሮ ተብሎ መጻፍ ይችላል። አሁን የአንድ ጊዜ መጠኑ 2 ግራም የሆነ፣ ቡና ላይ የሚነሰነስ ዱቄት አስቡ። በውስጡ 0.4 ግራም ስኳር ቢኖር ሰንጠረዡ ዜሮ ይላል፤ ያ ግን ከመቶው 20 እጅ ነው። የአንድ ጊዜ መጠኑ በጣም ትንሽ በሆነበት ሰንጠረዥ ላይ ዜሮ ስታዩ «የለም» ብላችሁ አትለፉት፤ የተቀመመበትን ዝርዝር አንብቡ። ስኳር እዚያ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ስሞች መካከል ከተጻፈ አለ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ስሞቹ የሚደረደሩት በክብደት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነውና።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለአንድ ጥያቄ ብቻ መልስ ነው፤ «ከሁለቱ ዕቃዎች የትኛው ስኳር ይበዛበታል?» ለሚለው። ለዚህ ጥያቄ የመቶው ዓምድ ያለ ተቀናቃኝ ይመረጣል። ሁለተኛው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ልጄ ዛሬ ጠዋት ስንት ስኳር በላ?» ይህንን የመቶው ዓምድ ብቻውን አይመልሰውም፤ የካርቶኑ «የአንድ ጊዜ መጠን»ም አይመልሰውም። የሚመልሰው የልጁ ሳህን ነው።

የአክስቴ ልጅ ቤት ሚዛን የለም። ሚዛን ግን አላስፈለገንም። የዱባዩ ካርቶን የተጣራ ክብደቱ 500 ግራም ነው። «ስንት ጠዋት ይበላዋል?» አልኳት፤ ሌላ ሰው እንደማይነካውና በ11 ቀን እንደሚያልቅ ነገረችኝ። 500 ለ11 ሲካፈል 45 ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ የልጁ እውነተኛ የአንድ ጊዜ መጠን 28ም አይደለም፣ 30ም አይደለም፤ 45 ነው። ከዱባዩ 45 ግራም ሲበላ 9.5 ግራም ያህል ስኳር ይወስዳል፤ ከአሜሪካው ቢበላ 11 ግራም ከሩብ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነውና ልዩነቱ ግማሽ ማንኪያ እንኳን አይሞላም።

ይህን የምናገረው የመቶውን ዓምድ ለማሳነስ አይደለም። ሁለቱ ጥያቄዎች ሁለት መልስ እንዳላቸው ለማሳየት ነው። የዱባዩን መምረጧ ትክክል ነው፤ ሳህኑን ከ45 ወደ 30 ግራም ብታወርደው ግን ከ9.5 ወደ 6.3 ግራም ይወርዳል። ካርቶን ከመለወጥ ይልቅ ሳህን መለወጥ የበለጠ ይቀንሳል።

ሁለቱን አጻጻፎች የት የት እንደምመርጣቸው በግልጽ ልናገር። አንድ ዓይነት የሆኑ፣ በተመሳሳይ መልክ የሚበሉ ሁለት ዕቃዎች ሲሆኑ፦ ብስኩት ከብስኩት፣ የለውዝ ቅቤ ከለውዝ ቅቤ፣ ኮርንፍሌክስ ከኮርንፍሌክስ፤ ሁልጊዜ መቶው ይምራችሁ። የመቶው ሌላ ጥቅም ደግሞ ዕቃውን ብቻውን ለመመዘን ማስቻሉ ነው። በእንግሊዝ በካርቶን ፊት ላይ በሚደረገው የቀለም ምልክት፣ ምግቡ በ100 ግራም ውስጥ ከ22.5 ግራም በላይ ስኳር ካለው ቀይ ይሰጠዋል፤ 5 ግራምና ከዚያ በታች ከሆነ አረንጓዴ። በዚህ ሚዛን የአሜሪካው ቀይ ውስጥ ይገባል፤ የዱባዩ 21 ከቀዩ በታች ቢሆንም ለጥቂት ነው የተረፈው።

በጥቂቱ የሚጨመር ነገር ሲሆን ግን መቶው ያስደነግጣል እንጂ አያስረዳም። ወጥ ውስጥ የሚገባው የሾርባ ኩብ በመቶው ሲታይ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ማንም ግን 100 ግራም ኩብ አይበላም። እዚያ ላይ የሚጠየቀው አንዱ ኩብ ስንት ግራም ጨው እንደያዘና ከዚያ ድስት ስንት ሰው እንደሚበላ ነው። ዘይት፣ የቲማቲም ድልህና ማርም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው፤ በማንኪያ ይለኩ።

አሁን ስለ ፎቶው። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የላከችልኝ የዱባዩ ፎቶ በብልጭታ የተነሣ ነበር፤ መሐሉ ላይ ነጭ ነጸብራቅ አርፎበታል። የስቡ ረድፍ በመቶው ዓምድ ላይ 25 ግራም ይመስላል። ኮርንፍሌክስ እንዲህ ያለ ስብ አይኖረውም ብዬ ጠረጠርኩ፤ ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም፤ ስለዚህ በሰንጠረዡ በራሱ አጣራሁት። ሦስት መንገዶች አሉ፤ ሦስቱንም በእርሳስ በአንድ ደቂቃ ማድረግ ይቻላል።

የመጀመሪያው ድምር ነው። በመቶ ግራም ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ከመቶ ሊበልጥ አይችልም። በዚያው ዓምድ 80 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 7.5 ግራም ፕሮቲን፣ 3 ግራም አሰር ነበር። 25 ሲጨመርበት 115.5 ይሆናል፤ የማይሆን ነገር ነው። ስኳሩን በዚህ ድምር ውስጥ አታስገቡት፤ ከካርቦሃይድሬቱ ሥር ገባ ብሎ የተጻፈው የእሱ ክፍል ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ጎረቤት ዓምድ ነው። የአንድ ጊዜው መጠን 30 ግራም ከሆነ በሁለተኛው ዓምድ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር የመጀመሪያው 30 እጅ መሆን አለበት። ስኳሩ 21 ነበር፤ 30 እጁ 6.3፤ ልክ ነው። ስቡ በሁለተኛው ዓምድ 0.8 ይላል። 25 ቢሆን 7.5 ይሆን ነበር። 2.5 ከሆነ ግን 0.75፣ ሲጠጋጋ 0.8። ነጥቧን ነጸብራቁ ውጧት ነበር። ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ በፎቶ ለሚያነብ ሰው ሁለት ምስክር እንደማግኘት ነው፤ አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ይናገራል።

ሦስተኛው ለአሜሪካው ዓይነት፣ ባለ አንድ ዓምድ ሰንጠረዥ ይጠቅማል። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል። በአሜሪካው ካርቶን 24 ግራም ካርቦሃይድሬት 96 ይሆናል፤ 2 ግራም ፕሮቲን 8፤ ግማሽ ግራም ስብ 4.5። ድምሩ 108.5 ነው፤ ካርቶኑ 110 ይላል። ተቀራርበዋልና ፎቶውን በትክክል አንብቤዋለሁ ማለት ነው። የማጠጋጋት ልዩነት ስላለ ልክ በልክ እንዲገጥም አትጠብቁ፤ በአሥርና በመቶ የሚራራቅ ከሆነ ግን አንድ ቁጥር ተሳስታችሁ አንብባችኋል። በሁለት አሃድ የሚጽፉ ካርቶኖች ላይ ደግሞ የላይኛው ትልቅ ቁጥር ኪሎጁል ነው። የዱባዩ 1604 እና 379 ይላል፤ ካሎሪ ብለን የምንጠራው 379ኙን ነው።

ከባሕረ ሰላጤው በሚመጡ ዕቃዎች ላይ ቁጥሮቹ በዐረብኛ አኃዝ ብቻ የሚታተሙበት ጊዜም አለ። በቁርኣን ትምህርት ያደገ ሰው አይቸገርም። ያልለመደው ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሰናከላል፦ የዐረብኛው አምስት ክብ ስለሆነ ዜሮ ይመስለዋል፤ ስድስቱ ደግሞ እኛ ከምንጽፈው ሰባት ጋር ይመሳሰላል። እውነተኛው ዜሮ ትንሽ ነጥብ ብቻ ስለሆነ በደበዘዘ ፎቶ ላይ ጨርሶ ይጠፋል፤ 50 የነበረው 5 ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ያለውን ፎቶ ከላይ በተናገርናቸው መንገዶች ሳያጣሩ ማመን አይገባም።

ፎቶ የሚልክላችሁን ሰው የምትጠይቁት ጥቂት ነገር ነው። ብልጭታውን አጥፍቶ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ያንሣ። ፌስታል ከሆነ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያለስልሰው። ቆርቆሮ ከሆነ አዙሮ አዙሮ ሁለት ሦስት ፎቶ ያንሣ፤ በአንድ ፎቶ ከተነሣ ዳር ያለው ዓምድ ይጠማዘዝና የአንዱ ረድፍ ቁጥር ከሌላው ረድፍ ስም ጋር ይጋጠማል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀነሳል፤ ደቃቅ ነጥቦችም ቀድመው ይጠፋሉ። ከሁሉም በላይ የሰንጠረዡን ራስጌ እንዳይቆርጠው። ቁጥሮቹ ሁሉ ጥርት ብለው ራስጌው ከሌለ ፎቶው አይጠቅምም፤ የጣሳው መጠን የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኮርንፍሌክሱን ጨርሰን ሳለ የአክስቴ ልጅ ሦስተኛ ፎቶ ላከች፤ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው። «ይህ ፕሮቲኑ 24 ነው። የላሙ ወተት በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው 3.2 ብቻ ይላል። ከእንግዲህ ዱቄቱን ብቻ ብገዛስ?» አለች። ራስጌው ተቆርጧል። እንደገና አንሥተሽ ላኪልኝ አልኳት። አዲሱ ፎቶ ሲደርሰኝ ከራስጌው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው «በ100 ግራም ዱቄት» የሚል ነበር፤ የፕላስቲኩ ወተት ደግሞ «በ100 ሚሊ ሊትር»። እዚህ ላይ ሁለቱም መቶ ናቸው፤ መቶ መሆናቸው ግን አያስተያያቸውም። አንዱ ደረቅ ነው፣ ሌላው ውሃው በውስጡ አለ።

ስለዚህ ዱቄቱን በወረቀት ላይ በጠበጥነው። ቆርቆሮው ለአንድ ብርጭቆ 26 ግራም ዱቄት በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ይላል። 26 ግራሙ 24 እጁ ፕሮቲን ነውና 6.2 ግራም ይሆናል። ዱቄቱ ሲሟሟ ብርጭቆው ከ200 ጥቂት ከፍ ስለሚል 220 ሚሊ ሊትር እንበለው፤ 6.2 ለ2.2 ሲካፈል በመቶ ሚሊ ሊትር 2.8 ግራም ነው። የፕላስቲኩ 3.2 ነበር። ሰባት እጥፍ ተኩል የመሰለው ወተት ሲበጠበጥ ከላሙ ጥቂት የቀጠነ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የቀረው ዋጋው ነው፦ ቆርቆሮው 400 ግራም ይይዛል፤ በ26 ሲካፈል 15 ብርጭቆ ይወጣዋል፤ ይህም ከሦስት ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ወተት ነው። የቆርቆሮውን ዋጋ ከሦስት ሊትር የላም ወተት ዋጋ ጋር አስተያይታ ነገ ሱቅ ስትሄድ እንድትወስን ነገርኳት።